የዲዛይነር ሲቪ እንዴት ይነበባል? ስለ ገጹ ውበት፣ በሥሩ ስላለው ጽሑፍና ስለ ፖርትፎሊዮ ሊንክ

ባለፈው ዓመት አንድ የመጻሕፍት አሳታሚ ለገጽ ዝግጅትና ለሽፋን ሥራ ዲዛይነር ሊቀጥር በቴሌግራም ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ የመጡትን ሲቪዎች አብሬው እንድመለከትም ጠየቀኝ። ፋይሎቹ ብዙ ስለነበሩ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ሰብስበን፣ የፋይል ይዘት በሚፈልግ ፕሮግራም `InDesign` የሚለውን ቃል ፈለግን፤ ይህን የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚያውቁትን አስቀድሞ ለመለየት የወሰድነው አቋራጭ ነበር። ከውጤቱ ዝርዝር ውስጥ ያልተገኘችው፣ ከሁሉም የሚያምረውን ሲቪ የላከችው አመልካች ነበረች።

ሲቪዋን ከፍተን አየነው። በግራ በኩል ጥቁር ሰማያዊ ዓምድ አለ፤ በዓምዱ አናት ላይ ክብ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ስልክና ኢሜይል በትናንሽ ምስሎች ታጅበው፣ ከዚያ በታች የክህሎት መጠን የሚያሳዩ አምስት አሞሌዎች፣ በመጨረሻም አንድ QR ኮድ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ያለው ሰፊ ነጭ ቦታ ደግሞ የሥራ ልምዷንና ትምህርቷን ይዟል። `InDesign` የሚለው ቃል ከአሞሌዎቹ በአንዱ ላይ በግልጽ ይታያል። እኛ እያየነው ኮምፒውተሩ አላገኘውም። ልጅቷን ደውለን ስለጠራናትና ሲቪውን ቁጭ ብለን አብረን ስለፈታነው፣ የሆነውን ነገር በዝርዝር ማስረዳት እችላለሁ።

በገጹ ሥር ያለው ሌላ ገጽ

ፒዲኤፍ ስንከፍት የምናየው አንቀጽ፣ ርእስና ዓምድ ነው። ፋይሉ ግን፣ አዘጋጁ ሆን ብሎ የመዋቅር ምልክት ካልጨመረበት በቀር፣ አንቀጽም ሆነ ዓምድ አያውቅም። በውስጡ የሚቀመጠው «ይህን ቅርጽ በዚህ ነጥብ ላይ ሳል» የሚል የትእዛዝ ሰልፍ ነው። ከእያንዳንዱ ቅርጽ ጋር ደግሞ «ይህ ቅርጽ ‹መ› ነው» የሚል መረጃ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። መረጃው ካለ ጽሑፉን መፈለግ፣ መቅዳትና ለዓይነ ስውር አንባቢ በድምፅ ማስነበብ ይቻላል። ከሌለ ገጹ ሥዕል ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲቪ ሁለት ገጽ አለው ማለት ነው፤ አንዱ ለዓይን፣ ሌላው በሥሩ ተደብቆ ለማሽን። ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚቀበሉባቸው የቅጥር ሥርዓቶች የሚያነቡት ሁለተኛውን ነው። የስልክ ቁጥር ገልብጦ ለመደወል የሚሞክር ቀጣሪም የሚነካው እርሱኑ ነው።

የአመልካቿ ስም፣ ርእሶቹና በአሞሌዎቹ ላይ ያሉት ቃላት ከሁለተኛው ገጽ የጠፉበት ምክንያት ቀላል ነበር። ሲቪውን በኢላስትሬተር ሠርታ ስታበቃ ለጌጥ የመረጠቻቸውን ጽሑፎች ሁሉ `Create Outlines` በሚለው ትእዛዝ ወደ ቅርጽ ለውጣቸዋለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ማተሚያ ቤት ስሠራ ፎንቱ እንዳይለወጥ ሁልጊዜ አውትላይን አድርጊ ይሉን ነበር» አለችኝ። ልማዱ በቦታው ትክክል ነው። ባነር ወይም ማስታወቂያ ለማተም የላክነው ፋይል ማተሚያ ቤቱ ጋ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ቢከፈት ሌላ ፎንት ይተካበትና ሥራው ይበላሻል፤ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ይህን ይከላከላል። ሲቪ ግን ይህ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ፒዲኤፍ ራሱ ፎንቱን በውስጡ ይዞ መጓዝ ይችላልና። ፎንቱ መያዙን ለማረጋገጥ ፋይሉን በአክሮባት ሪደር ከፍቶ `File > Properties > Fonts` የሚለውን ማየት ይበቃል። እዚያ የፎንት ስም ተዘርዝሮ ከጎኑ `Embedded` ወይም `Embedded Subset` ከተባለ ፎንቱ አብሮ ሄዷል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ግን ገጹ ውስጥ አንድም ፊደል የለም፤ ያለው ቅርጽ ብቻ ነው።

የዋናው ጽሑፍ ችግር ሌላ ነበር። እርሱን ወደ ቅርጽ አልለወጠችውም፤ መርጠን ስንቀዳው ግን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ይህን የአማርኛ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ነው፤ ሀ U+1200 ላይ ተቀምጣ ሌሎቹ ይከተሏታል። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ግን የራሳቸው ቦታ ስላልነበራቸው ቅርጻቸውን በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዓይን «መ» ያያል፣ ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው ግን አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ፣ ብዙ ማተሚያ ቤቶችና የጽሕፈት አገልግሎት መስጫዎች እነዚህን ፎንቶች እስከ ዛሬ ይገለገሉባቸዋል። ቅርጻቸው የሚወደድ እንዳለባቸውም አልክድም። በሲቪ ላይ ሲመጡ ግን ጽሑፉን ማንም ሊፈልገው ወደማይችል ኮድ ይለውጡታል። መፍትሔው ፎንቱን በዩኒኮድ ፎንት መቀየር ብቻ አይደለም፤ ፎንቱን ብቻ ከቀየሩት ያ ድብልቅ ምልክት በዓይንም ጭምር ይታያል። ጽሑፉን በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና መተየብ ወይም በመለወጫ ፕሮግራም አሳልፎ ፊደል በፊደል ማረም ግድ ነው። የእርሷ ሲቪ አንድ ገጽ ስለነበር እንደገና ተየበችው።

ሦስተኛው ጉዳይ የዓምዶቹ ነው፤ ይህ ቋንቋ አይለይም። ጽሑፉ ከተስተካከለ በኋላ በ`Ctrl+A` ሁሉንም መርጠን፣ በ`Ctrl+C` ቀድተን፣ ኖትፓድ ላይ ስንለጥፈው መካከሉ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

```
ክህሎት የሥራ ልምድ
InDesign ግራፊክ ዲዛይነር፣ ማተሚያ ቤት
Photoshop 2013–2015 ዓ.ም. የመጽሐፍ ሽፋንና
ቋንቋ የውስጥ ገጽ ዝግጅት
አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ነጻ ባለሙያ
```

ከፋይሉ ጽሑፍ የሚያወጣ ፕሮግራም አንዳንዱ ቅርጾቹ በተሳሉበት ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ በገጹ ላይ በአንድ ከፍታ የተቀመጡትን እንደ አንድ መስመር ቆጥሮ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ሁለተኛው ዓይነት ሲገጥመን «ቋንቋ የውስጥ ገጽ ዝግጅት» የሚል፣ ማንም ያልጻፈው ዓረፍተ ነገር ይፈጠራል። በዚህ ምክንያት «ሲቪ ከአንድ ዓምድ በላይ አይኑረው» የሚሉ አሉ። እኔ ያን ያህል አልሄድም። አደጋው ያለው ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲወርዱ ነው። በግራ ኅዳግ ላይ ዓመተ ምሕረት ብቻ ቢቀመጥና ከጎኑ የዚያ ዓመት ሥራ ቢጻፍ፣ ማሽኑ በመስመር ቢያነበውም «2013–2015 ዓ.ም. ግራፊክ ዲዛይነር» ብሎ ያነባል፤ ትርጉሙ አይዛባም። ዲዛይነር የሚፈልገውን ነጭ ቦታና የጠራ አሰላለፍም ይኸው ኅዳግ ይሰጠዋል። የእርሷንም ወደዚህ ቀየርነው፤ ጥቁር ሰማያዊው ዓምድ ጠፍቶ በቦታው ዓመቶቹን ብቻ የያዘ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነጭ ኅዳግ መጣ። ክህሎትና ቋንቋ ወደ ገጹ ግርጌ ወረዱ።

ዓመት ካነሳሁ አይቀር፣ ከቁጥሩ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መጻፍ የማይታለፍ ነው። «2015» ብቻ የሚል ሲቪ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይተዋል።

ውበቱ ታዲያ የት ይቀመጥ?

ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቅር አላት። «እንግዲያው የሒሳብ ሠራተኛ ሲቪ ሊመስል ነው» አለች። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ዲዛይነር የላከው ገጽ ራሱ የሥራ ናሙና ነው፣ ቀጣሪውም እንደዚያ ነው የሚያየው። ነገር ግን መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቀጣሪ የሚመዝነው ፊደል እንዴት እንደተደረደረ እንጂ ስንት ቅርጽ እንደተሳለ አይደለም። ጌጡ ከጽሑፉ ውጭ ሲሆን ከንባብ ጋር ይጋጫል። በጽሑፉ አደራደር ውስጥ ሲሆን ግን ያው ንባቡ ራሱ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ከድረ ገጽ የሚወርዱት የሲቪ ናሙናዎች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው፤ ርእሶቻቸው በትልልቅ ፊደላት፣ በፊደሎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት እየተተወ ይጻፋሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው የዚያ ጌጥ ግማሹ ገና ሲጀመር ይጠፋል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ይጎዳል፤ «የሥራ ልምድ» በሰፊ ክፍተት ሲበተን ቃሉ የት እንዳለቀ ዓይን ይደናገራል፣ በሥሩ ያለው ጽሑፍም አንዳንዴ «የ ሥ ራ ል ም ድ» ሆኖ ይወጣል። እንዲህ የወጣ ቃል በፍለጋ አይገኝም። ማጋደልም እንዲሁ ነው። የላቲን ኢታሊክ ራሱን የቻለ የፊደል ቅርጽ ነው፤ የአማርኛው ግን ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያዘመመው ነው።

ለርእስና ለዝርዝር ልዩነት የሚቀረን መሣሪያ እንግዲህ መጠን፣ ክብደት፣ ቀለምና ነጭ ቦታ ነው። በክብደት ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው ፎንት የብራና ጽሑፍ መንፈስ ያለው ውብ ፊደል ነው፤ ነገር ግን አንድ ክብደት ብቻ ነው ያለው። በዎርድ ላይ `B` ሲጫኑ የሚታየው ደማቅ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ጠርዙን አወፍሮ የፈጠረው ሐሰተኛ ደማቅ ነው፤ በትንሽ መጠን «ጬ» እና «ሿ» ውስጣቸው ተደፍኖ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በዲዛይነር የተሳሉ ክብደቶች አሉት፤ በነጻም ይገኛል። ለሲቪ አንድ ፎንት በሁለት ክብደት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። እርሷ ግን ስሟን ብቻ በአቢሲኒካ በ26 ነጥብ፣ ሌላውን ሁሉ በኖቶ አደረገችው፤ ከብራናው ፊደል አንድ መስመር ብቻ መቅረቱ ስሙን ይበልጥ አጎላው።

በመስመሮች መካከል ያለው ርቀትም ከላቲኑ ሰፋ ይላል። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከበላያቸውና ከበታቻቸው ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ የእኛዎቹ ግን ከሞላ ጎደል እኩል ቁመት ስላላቸው መስመሩን ሞልተው ይቆማሉ። በ10 ነጥብ ለተጻፈ አማርኛ እኔ ከ15 እስከ 16 ነጥብ የመስመር ርቀት እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ሲቪዋ 8 ነጥብ በ10 ነበር፤ በኮምፒውተር ላይ አጉልታ ስለሠራችው መጥበቡን አላየችውም።

መጠንን ለመወሰን ሲቪው የሚከፈትበትን ስልክ ማሰብ ይጠቅማል። የኤ4 ወረቀት ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የስልክ ማያ ገጽ ግን 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ገጹ ሙሉ በሙሉ ሲታይ ሁሉ ነገር ወደ ሦስተኛ እጁ ይወርዳል፤ 8 ነጥብ የነበረው ከ3 ነጥብ ያንሳል ማለት ነው። ማንም ሳያጎላ አያነበውም። ሲያጎላ ደግሞ ሁለት ዓምድ ያለው ገጽ ወደ ጎን እየተጎተተ፣ እየጠፋና እየተመለሰ ይነበባል፤ አንድ ዓምድ ያለው ግን በአንድ ጣት ቁልቁል ይወርዳል። በቴሌግራም ለሚላክ ሲቪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በነገራችን ላይ ሲቪን እንደ ፎቶ መላክ ገጹን ጨምቆ ያደበዝዘዋል፤ ፒዲኤፉን ራሱን እንደ ፋይል መላክ ይገባል።

ስለ ቀለም ብዙ የምለው የለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ። ዲዛይነሮች ፈዛዛ ግራጫ እንወዳለን። WCAG የተባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የቀለም ንጽጽር ይጠይቃል። በነጭ ላይ `#999999` የተባለው ግራጫ 2.85 ለ1 ብቻ ስለሚሰጥ ይወድቃል፤ `#767676` ደግሞ 4.54 ለ1 ሆኖ ለጥቂት ያልፋል። የልጅቷ የዓመተ ምሕረት ጽሑፍ በመጀመሪያው ግራጫ ነበር የተጻፈው። ለማለፍ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ባነሰ አታሚ ሲወጣም እንዲነበብ፣ ንጽጽሩ 7 ለ1 ወደሚሆነው `#595959` አወረደችው።

ስለ ክህሎት አሞሌዎች ግን ትንሽ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚወዳቸው። አሞሌው «በ80 በመቶ ኢንዲዛይን እችላለሁ» ይላል። ሰማንያው ከምን ላይ እንደተሰላ የጻፈውም አያውቅም፤ በሥር ባለው ገጽ ላይ ደግሞ ባዶ ነው። በቦታው ያስገባነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ባለ 320 ገጽ ልቦለድ በInDesign፤ የአንቀጽ ስታይሎችና ማስተር ገጾች፣ ሁለት ዙር እርማት፣ ለማተሚያ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ።» ይህን ያነበበ አሳታሚ የምትችለውን መጠን በራሱ ይለካል፤ ስታይል ሳይጠቀም 320 ገጽ ያረመ ሰው የሚገጥመውን ያውቃልና። የፕሮግራሞቹን ስም በላቲን ፊደል የተውነውም አውቀን ነው። በአማርኛ አንዱ «ኢንዲዛይን»፣ ሌላው «ኢን ዲዛይን» ብሎ ስለሚጽፈው፣ ቀጣሪው የሚፈልገው በማያ ገጹ ላይ የለመደውን ስም ነው።

ሊንኩ

የሲቪውን ጌጥ ቀነስን ማለት ዲዛይነሯ የምታሳየው አጣች ማለት አይደለም፤ ማሳያው ወደ ፖርትፎሊዮው ሄደ። ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው ሁለቱን በሚያገናኘው ሊንክ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሲቪ ሊንኩን በQR ኮድ ብቻ ነበር የያዘው። QR ኮድ ለታተመ ወረቀት መልካም ነው፤ ሲቪውን በስልኩ የከፈተ ሰው ግን ስልኩን በራሱ በስልኩ ካሜራ ማንሳት አይችልም። ያን ቀን አሳታሚው የእኔን ስልክ ተቀብሎ፣ በእርሱ ስልክ ማያ ገጽ ላይ ያለውን ኮድ ለማንሳት ሲታገል ነበር።

ሊንኩ በቃላት፣ በገጹ አናት፣ ከስምና ከስልክ ጎን ይጻፍ። «ሥራዎቼን ለማየት እዚህ ይጫኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፋይሉ ሲታተም ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ አድራሻው ራሱ መታየት አለበት። `example.com/metsihaf` ዓይነት አጭርና በላቲን ትንንሽ ፊደላት የተጻፈ ቢሆን ይመረጣል። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የአድራሻ መጨረሻ በማያ ገጽ ላይ ያምራል፤ ሲቀዳ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኮድ ይለወጣል። «መጽሐፍ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል እንዲህ ይሆናል፦

```
%E1%88%98%E1%8C%BD%E1%88%90%E1%8D%8D
```

ሌሎች ሁለት ጥቃቅን ወጥመዶችም አሉ። በአድራሻው ውስጥ የግርጌ ሰረዝ ካለና ሊንኩ ከሥሩ ከተሰመረበት፣ መስመሩ ሰረዙን ስለሚሸፍነው ከወረቀት ላይ የሚገለብጥ ሰው ባዶ ቦታ መስሎት ይሳሳታል። ረጅም አድራሻ በሁለት መስመር ከተሰበረ ደግሞ አንዳንድ ፒዲኤፍ ማንበቢያዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ እንደ ሊንክ ይቆጥሩትና ሲጫኑት ወደሌለ ገጽ ይወስዳል።

በኢንዲዛይን ሲቪ ለሚያዘጋጅ ሰው ሌላ ማሰናከያ አለ። በጽሑፉ ላይ ሊንክ አስገብቶ `Adobe PDF (Print)` በሚለው ምርጫ ካወጣው፣ በ`General` ገጽ ላይ `Hyperlinks` የሚለውን ካልመረጠ ሊንኩ አብሮ አይወጣም። ፋይሉ ፍጹም ይመስላል፤ ሲጫኑት ግን ዝም ይላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍተሻ መደረግ ያለበት በኢንዲዛይን ውስጥ ሳይሆን በወጣው ፒዲኤፍ ላይ፣ ይልቁንም ወደ ስልክ ተልኮ በተከፈተው ላይ ነው።

ሊንኩ ሠራ ማለት ደግሞ ሥራው ታየ ማለት አይደለም። በዚህ የሚመጣውን ስሕተት የማውቀው ከራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ ስወዳደር ፖርትፎሊዮዬን በጉግል ድራይቭ አስቀምጬ ሊንኩን ላክሁ። እኔ ስከፍተው ይከፈታል፤ የራሴ አካውንት ነዋ። መዳረሻው `Restricted` ላይ እንደቆየና ለሌላው ሰው ፈቃድ መጠየቂያ ገጽ ብቻ እንደሚታይ ያወቅሁት፣ ከሳምንት በኋላ የፈቃድ ጥያቄዎቹን ኢሜይሌ ውስጥ ሳገኝ ነበር። ቦታው በዚያን ጊዜ ተይዟል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሊንክ ከመላኬ በፊት አካውንቴ ባልገባበት በግል መስኮት እከፍተዋለሁ፤ በክሮም `Ctrl+Shift+N` ነው። ድራይቭ ከሆነ `Anyone with the link`፣ ፊግማ ከሆነም ያለ አካውንት የሚታይ መሆኑን በዚያው መስኮት አያለሁ።

የራስን ድረ ገጽ መክፈት ወይስ ቢሀንስን በመሳሰለ መድረክ መጠቀም የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። የራስ ድረ ገጽ ለአሠራር ነጻነት ይሰጣል፤ ነገር ግን የዶሜይን ክፍያ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ እዚህ አገር ላለ ጀማሪ የማደሻው ቀን አስጨናቂ ነው። ዶሜይኑ ካለፈበት፣ አስቀድሞ የተላኩት ሲቪዎች ሁሉ ወደ ባዶ ወይም ወደ ሌላ ሰው ገጽ ይመራሉ። ካርዱ አስተማማኝ ካልሆነ በነጻ መድረክ መቆየት ይሻላል እላለሁ፤ የአድራሻው ማማር ከመሥራቱ አይበልጥም።

ሊንኩ የት ይድረስ የሚለው ግን ከሁሉ ይበልጥ ያመዝናል። የልጅቷ ሊንክ የሚያደርሰው ወደ መግቢያ ገጿ ነበር፤ እዚያ የሠርግ መጥሪያ፣ የካፌ ሜኑ፣ ሎጎ፣ የፌስቡክ ማስታወቂያና ሦስት የመጽሐፍ ሥራዎች ተደባልቀው ከሃያ በላይ ምስሎች ተደርድረዋል። የመጽሐፎቹ ቦታ ታች ነው። መጽሐፍ አዘጋጅ የሚፈልግ ሰው ሜኑ እያየ እስከዚያ ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ከአናቱ ጠቅላላ ሊንክ ሌላ፣ በሥራ ልምዱ ውስጥ ከእያንዳንዱ የመጽሐፍ ሥራ መስመር ጎን ወደዚያው ሥራ በቀጥታ የሚወስድ ሊንክ አስገባን። ባለ 320 ገጹን ልቦለድ ያነበበ ሰው ሲጫን የሚያገኘው ያንኑ ልቦለድ ነው። ሲቪው አንድ ነገር ይናገራል፣ ሊንኩ ያንኑ ያሳያል።

የሥራው ገጽም መስተካከል ነበረበት። እርሷ ያስቀመጠችው በጠረጴዛ ላይ የቆመ መጽሐፍ የሚያሳይ ሞክአፕ ብቻ ነበር። ሞክአፕ ሽፋኑን ያሳያል፤ የውስጥ ገጽ ዝግጅት የሚታየው ግን ፊት ለፊት በተዘረጉ ሁለት ገጾች ነው፤ የምዕራፍ መክፈቻው፣ የግርጌ ማስታወሻው፣ አንቀጽ ተሰብሮ ወደ ቀጣዩ ገጽ ሲሻገር ምን እንደተደረገ። እነዚህን ሦስት ምስሎች ጨመረች። ከእያንዳንዱ ሥር ማን ምን እንደሠራ በአንድ መስመር ጻፈች፤ ምክንያቱም የአንዱን ሽፋን ሥዕል የሳለው ሌላ ሰዓሊ ነበር፣ በመጀመሪያው ገጿ ላይ ግን ስሙ አልነበረም። ሥዕሉን የሚያውቅ አሳታሚ ይህን ቢያይ ሌላውንም መጠርጠሩ አይቀርም።

አዲሱ ሲቪ በመጨረሻ አንድ ገጽ ሆነ፤ አንድ ቀለም፣ ሰፊ የግራ ኅዳግ፣ ከላይ በአቢሲኒካ የተጻፈ ስም። QR ኮዱም አልተጣለም፤ ትንሽ ሆኖ ከግርጌ ተቀመጠ፣ ለሚታተመው ቅጂ። ኖትፓድ ላይ ለጥፈነው ከላይ እስከ ታች በቅደም ተከተሉ ተነበበ፤ ያንን ፎልደር እንደገና ስንፈልገው `InDesign` በሚለው ቃል መጣ። አሳታሚው ለቃለ መጠይቁ ሲቪውን አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር። ልጅቷ እስክትገባ ድረስ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አድራሻውን ከወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ስልኩ ላይ ሲጽፍ አየሁት፤ የግርጌ ማስታወሻው ገጽ ሲከፈትለት በሁለት ጣቱ አጉልቶ፣ ቁጥሮቹ ከመስመሩ ጋር መግጠማቸውን መመርመር ጀመረ።